የክትባት ሠንጠረዡን እንዴት እናንብበው?

በጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን የሕፃናት ክትባት ሠንጠረዥ ትኩር ብለው አይተው ግራ የሚጋቡ ወላጆች ብዙ ናቸው። የጠብታ ሥዕል፣ የመርፌ ሥዕል፣ ወደ ጎን የሚሄድ ቀስት፤ ከየት ይጀመር?

ከዕድሜው ይጀመር። በአገራችን በተለመደው መርሐ ግብር ቀጠሮዎቹ ልጁ እንደተወለደ፣ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንቱ፣ ከዚያም በ9 እና በ15 ወሩ ናቸው። ቆጠራው መጀመሪያ በሳምንት፣ በኋላ በወር መሆኑን ልብ ይበሉ። ሳጥኖቹ እኩል ስለሆኑ ከ14 ሳምንቱ ቀጥሎ ያለው ቶሎ የሚደርስ ይመስላል፤ በመካከሉ ግን ከአምስት ወር በላይ አለ። የ9 ወሩ የኩፍኝ ክትባት በቀላሉ የሚረሳው ለዚህ ነው።

ቀጥሎ ከዕድሜው ሥር ወደ ታች ያንብቡ። እዚያ የተደረደረው ሁሉ በአንድ ቀን የሚሰጥ ነው። በ6 ሳምንት ሁለት ጠብታዎች ይታያሉ፦ የፖሊዮና የሮታ፤ ሁለቱም በአፍ ይሰጣሉ። ሁለቱ መርፌዎች ደግሞ ፔንታና ፒሲቪ ናቸው፤ ጭን ላይ ይወጋሉ። ፔንታ በአንድ መርፌ ከአምስት በሽታዎች ይከላከላል፤ ትክትክና መንጋጋ ቆልፍ ከእነዚህ መካከል ናቸው። በ14 ሳምንት ለፖሊዮ ጠብታም መርፌም ተስሎ ቢያዩ ስህተት አይደለም፤ ሁለቱም ይሰጣሉ። ሮታ ግን በ10 ሳምንት በሁለተኛው ዙር ያበቃል።

ቀስቱ የአንድን ክትባት ተከታታይ ዙሮች ያያይዛል። በሁለት ዙሮች መካከል ቢያንስ አራት ሳምንት ማለፍ አለበት፤ የቀደመው ክትባት የቀሰቀሰው የመከላከል አቅም ሳይበስል ቀጣዩ ቢደገም ጥቅሙ ይቀንሳል።

መስከረም 5 የተወለደችን ሕፃን እንውሰድ። 6 ሳምንት የሚሞላት ጥቅምት 17፣ 10 ሳምንት ኅዳር 15፣ 14 ሳምንት ደግሞ ታኅሣሥ 13 ነው። የመጀመሪያውን ዙር በቀኑ ወሰደች። ኅዳር 15 ግን ቤተሰቡ መንገድ ሄዶ ስለነበር ሁለተኛውን ያገኘችው ታኅሣሥ 1 ነው። ታኅሣሥ 13 ለሦስተኛው ብትመጣ ያለፈው 12 ቀን ብቻ ስለሆነ ትመለሳለች። ትክክለኛው ቀጠሮ ታኅሣሥ 29 ነው። የመጀመሪያው ዙር አልተቃጠለም፤ እንደገና ከአንድ አይጀመርም።

መዘግየት የማይመቸው ሮታ ነው፤ የሚሰጥበት ዕድሜ ገደብ አለው። ስለዚህ ቀጠሮ ካለፈዎት ቀጣዩን ሳይጠብቁ በማግስቱ ይሂዱ።

ሠንጠረዡ የሁሉም ልጆች ነው፤ የእርስዎ ልጅ ቀጠሮ የተጻፈው በክትባት ካርዱ ላይ ነው። መርሐ ግብሩ በየጊዜው አዳዲስ ክትባቶች ስለሚጨመሩበት ፖስተሩና ካርዱ ካልተመሳሰሉ ከጤና ጣቢያው ሳይወጡ ባለሙያዋን ይጠይቁ፤ የሚቀጥለውንም ቀን በካርዱ ላይ ያስጽፉ።