የሌለው ማሽን እርጅና

በአንድ ሱቅ ጀምሮ ሦስት ቅርንጫፍ የደረሰ የአዳማ ዳቦ ቤት እንበል። ቀኑ ሰኔ 30 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው፤ የበጀት ዓመቱ መዝጊያ። የሒሳብ ሠራተኛዋ ከኢአርፒው ያተመችውን የቋሚ ንብረት ዝርዝር ይዛ ወደ መጋገሪያው ክፍል ትገባለች። ዝርዝሩ ላይ ያለው የሊጥ ማቡኪያ ማሽን ግን ቦታው ላይ የለም።

«እሱማ ከተሸጠ ዓመት ሞላው እኮ» ይላታል ጋጋሪው።

ማሽኑ የለም፤ ሲስተሙ ግን በየወሩ 10,000 ብር እርጅና እየመዘገበለት ቆይቷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማቡኪያው በ570,000 ብር ተገዛ፤ ማጓጓዣና መትከያው 30,000 ብር ወሰደ። ማሽኑን ለሥራ ለማብቃት የወጣ ወጪ ከዋጋው ጋር ስለሚደመር በመዝገብ የሰፈረው 600,000 ብር ነው። ከሐምሌ 1 ቀን 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ለአምስት ዓመት እንዲያገለግል ታሰበ፤ በመጨረሻ የሚቀር ዋጋ አልተያዘለትም። ስለዚህ በቀጥታው ዘዴ የዓመቱ እርጅና 120,000 ብር ይሆናል። ሰኔ 30 ቀን 2016 ዓ.ም. በ200,000 ብር ሲሸጥ የተጠራቀመው እርጅና 360,000፣ የቀረው የመዝገብ ዋጋ 240,000 ብር ነበር።

ገንዘብ ያዡ የተቀበለውን 200,000 ብር «ልዩ ልዩ ገቢ» ብሎ አስገባው። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። ትክክለኛው ምዝገባ ጥሬ ገንዘቡን 200,000፣ የተጠራቀመውን እርጅና 360,000፣ ከሽያጩ የደረሰውን ኪሳራ ደግሞ 40,000 ብር ዴቢት አድርጎ የማሽኑን 600,000 ብር ክሬዲት ማድረግ ነበር። ያኔ ማሽኑም እርጅናውም ከመዝገቡ አብረው ይወጣሉ። ይህ ባለመደረጉ የ2016 ትርፍ በ240,000 ብር አብጦ ታየ፤ 200,000ው ያልተገኘ ገቢ ነው፣ 40,000ው ያልተመዘገበ ኪሳራ። በ2017 ደግሞ በሌለ ማሽን ላይ 120,000 ብር ወጪ ተያዘ።

ሲስተሙ ይህን በራሱ ሊያውቅ አይችልም። ለምሳሌ ERPNext ላይ ሽያጩ በ Sales Invoice ንብረቱ ተመርጦ ቢሠራ ኖሮ ምዝገባው በራሱ ተሠርቶ እርጅናው ይቆም ነበር። ተሰብሮ ለተጣለ ንብረት ደግሞ Scrap Asset የሚል ትእዛዝ አለ። ገንዘብ ያዡ ግን ገቢውን በ Journal Entry ብቻ ስላስገባው የንብረት መዝገቡ ምንም አልሰማም።

የእርጅና ዘዴው ሌላ ቢሆንስ? ከቀረው ዋጋ ላይ በየዓመቱ 20 ከመቶ የሚቀንሰው ዘዴ ተመርጦ ቢሆን የሦስቱ ዓመት እርጅና 120,000፣ 96,000 እና 76,800 ብር ይሆን ነበር። የቀረው የመዝገብ ዋጋ 307,200፣ የሽያጩ ኪሳራም 107,200 ብር። ሁለቱም ጋ እርጅናና ኪሳራ ሲደመሩ ግን ያው 400,000 ብር ናቸው። ዘዴው የሚወስነው ወጪው በየትኛው ዓመት እንደሚታይ ነው። አዲስ ሳለ ብዙ ለሚሠራና ቶሎ ለሚያረጅ ዕቃ ሁለተኛው ዘዴ እውነቱን ይበልጥ ያሳያል።

የግብር ሒሳብ ደግሞ የራሱ መጠን አለው። በ2009 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር ደንብ ቁጥር 410 ለኮምፒውተር በቀጥታው ዘዴ 20 ከመቶ ሲፈቅድ፣ እንደ ማቡኪያው ላሉ ሌሎች ንብረቶች 15 ከመቶ ነው የፈቀደው። በደንቡ መሠረት የማቡኪያው ዓመታዊ ተቀናሽ 90,000 ብር ይሆናል። ስለዚህ ለአንድ ንብረት ሁለት ስሌት ጎን ለጎን መያዝ ያስፈልጋል፤ ERPNext ላይ ይህ የሚሠራው በ Finance Book ነው።

የጠፋው ማሽን ግን ቀድሞ ሊታወቅ ይችል ነበር፤ ልጥፉ ቢኖር። መጋገሪያ ቤት ሙቀት፣ ዱቄትና እጥበት ስለማይለየው የወረቀት ባርኮድ ብዙ አይቆይም። ቁጥሩ የተቀረጸበት የአሉሚኒየም ሳህን ማሽኑ አካል ላይ በሪቬት ቢመታ ይሻላል። የሚነቀል ክዳን ላይ ከተመታ ክዳኑ ወደ ሌላ ማሽን ሲዛወር ቁጥሩም አብሮ ይሄዳል። የቅርንጫፍ ስም ቁጥሩ ውስጥ ማስገባትም ስህተት ነው። ማሽን ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይዛወራል፤ ያለበት ቦታ መዝገቡ ላይ ይቀየራል እንጂ ሳህኑ ላይ አይቀየርም። የፋብሪካው መለያ ቁጥርም አብሮ ቢመዘገብ ሳህኑ የወደቀበት ዕቃ ማንነቱ አይጠፋም።

ቆጠራውም በሁለት አቅጣጫ ነው መሄድ ያለበት። ከዝርዝር ወደ ክፍሉ ሲኬድ የጠፋው ይታያል፤ ከክፍሉ ወደ ዝርዝር ሲኬድ ደግሞ ያልተመዘገበው። አሥር ኮምፒውተር በአንድ ደረሰኝ ተገዝቶ በአንድ መስመር ከተመዘገበ ግን ቆጣሪዋ ትቸገራለች፤ አንዱ ሲሰበር የትኛው ከመዝገብ እንደሚወጣ አይታወቅም። ከመጀመሪያው አሥር መስመር፣ አሥር ቁጥር መስጠት ነው።

ማሽን ሲሸጥ ደግሞ ሳህኑ ከግቢው አይወጣም። የመውጫ ፈቃዱን የሚያየው የበር ጥበቃ ሳህኑ ተነቅሎ ለሒሳብ ክፍል መድረሱን ያረጋግጣል፤ ሒሳብ ክፍሉ ከሽያጩ ሰነድ ጋር አያይዞ ያስቀምጠዋል፤ ቁጥሩም ለሌላ ማሽን ዳግም አይሰጥም።