ሲመሽ የሚከብድ እግር

አሰላ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ብርዳም ከተማ ናት። ለሆቴሎች እንጀራ የምትጋግር ሴት ግን ውሎዋ ከምጣድ ሙቀት ጋር ነው። ከንጋት ጀምራ አንድ ቦታ ቆማ ትጋግራለች። አመሻሽ ላይ እግሯ ይከብዳታል፣ ባቷን ይጠዘጥዛታል፣ የካልሲዋ ጠርዝ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ሰርጉዶ ይቀራል። አድራ ስትነሳ ደህና ናት። ዓመታት ሲያልፉ ከጉልበቷ በታች የተጠማዘዘ፣ ያበጠ የደም ሥር ይወጣል። ሐኪሞች ቫሪኮስ ቬይን የሚሉት ይህንን ነው።

ከእግር ወደ ልብ የሚመለስ ደም ሽቅብ መውጣት አለበት። የሚገፋው የባት ጡንቻ ነው፤ ቁልቁል እንዳይመለስ የሚያግዱት ደግሞ በደም ሥሩ ውስጥ ያሉ ትንንሽ ክዳኖች ናቸው። ዝም ብለን ስንቆም በቁርጭምጭሚት አካባቢ ባለው ደም መላሽ ሥር ያለው ግፊት 90 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ገደማ ይደርሳል። ክዳኖቹ ጤናማ ከሆኑ ጥቂት እርምጃ ስንራመድ ወደ 30 ይወርዳል። እግርን የሚጎዳው ከመራመዱ ይልቅ ቆሞ መዋሉ ነው። ሙቀት ሥሩን ያሰፋል፣ እርግዝናም ጫና ይጨምራል፤ ሥሩ ሲለጠጥ ክዳኖቹ መግጠም ያቅታቸዋል። ስለዚህ ጋጋሪዋ እንጀራው እስኪበስል ተረከዟን እያነሳች ብትመልስ ባቷ ሥራውን ይሠራል።

ለዚህ ችግር የሚሠራው ጠባብ ካልሲ ቁርጭምጭሚት ላይ አጥብቆ ይይዝና ወደ ላይ እየላላ ይሄዳል። ባት ላይ ጠበቅ አድርጎ ፋሻ ማሰር ግን ደሙን ከታች ያግደዋል። ለድካምና ለቀላል እብጠት ከ15 እስከ 20 የሚል ቁጥር ያለው ይበቃል፤ ከ20 እስከ 30 ያለውን ሐኪም ይዘዘው። ልኩ የሚወሰደው ጠዋት፣ እግር ሳያብጥ ነው። ከአልጋ ሳይወርዱ ይለበሳል፣ ሲተኙ ይወልቃል። ጫፉን ጠቅልሎ ማጠፍ እንደ ገመድ ያንቃል። ካልሲው ሕመሙን ያቀላል እንጂ የወጣውን ሥር አያጠፋም። ስኳር ያለበት ወይም ሲራመድ ባቱ እየታመመ የሚያስቆመው ሰው፣ የእግሩ የደም ዝውውር ሳይታይ እንዳይለብሰው።

በደጋው ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር የኖረ ገበሬ እግሩ ሲያብጥ ግን ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለው በሽታም ሊሆን ይችላል። እሱ የሚጀምረው ከእግር መዳፍና ከጣቶች ነው፤ ዋናው እርዳታ እግርን በሳሙና መታጠብና ጫማ ማድረግ ነው።

ወደ ቫሪኮስ ቬይን ስንመለስ፣ ከቁርጭምጭሚት በላይ በውስጥ በኩል ቆዳው ከጠቆረና ከደረቀ፣ ወይም ቁስል አልድን ካለ፣ ሐኪም ዘንድ መሄድ ይገባል። ሥሩ ፈንድቶ ከደማ ተኝተው እግሩን ከፍ ያድርጉና በንጹሕ ጨርቅ 10 ደቂቃ ሳይለቁ ይጫኑት፤ ከዚያ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። አንድ እግር ብቻ በድንገት አብጦ ከሞቀና ካመመ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል። ትንፋሽ ካጠረ ወይም ደረት ከወጋ የረጋው ደም ወደ ሳንባ ሄዶ ሊሆን ስለሚችል ሰዓት አይሰጥም። በድንገት ያበጠውን እግር ወጌሻ እንዲያሸው አይስጡ፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይድረሱ።