ከባለቤቱ በማዕረግ የበለጠው አፍንጫ

ኮቫልዮቭ የተባለ የሴንት ፒተርስበርግ ሹም አንድ ቀን ጠዋት ከእንቅልፉ ሲነሣ አፍንጫው የለም። ቦታው ለጥ ብሎ ለስልሷል። አቤት ሊል ሲወጣ፣ መንገድ ላይ ከሠረገላ የሚወርድ ባለሥልጣን ያያል፤ የወርቅ ጥልፍ ያለበት የደንብ ልብስ ለብሷል። ባለሥልጣኑ የገዛ አፍንጫው ነው።

ይህ ኒኮላይ ጎጎል በ1836 እ.ኤ.አ. ያሳተመው «አፍንጫው» የተሰኘ አጭር ልብ ወለድ ነው። እስከዚህ ድረስ ያለውን ቅጥፈት ማንም ሊፈጥረው ይችላል። ጎጎልን ጎጎል የሚያደርገው ከዚህ በኋላ ሌላ ተአምር ለመጨመር አለመቸኮሉ ነው። አፍንጫው ሹም ከሆነ፣ እንግዲህ እንደ ሹም መኖር አለበት።

በዚያ ዘመን ሩሲያ የምትመራው ታላቁ ጴጥሮስ በ1722 ባወጣው የማዕረግ ሠንጠረዥ ነበር። ሠንጠረዡ 14 ደረጃዎች ነበሩት፤ ከፍተኛው አንደኛው ነው። ኮቫልዮቭ ስምንተኛው ላይ ነው፤ አፍንጫው ግን አምስተኛው ላይ። ስለዚህ ኮቫልዮቭ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሲጸልይ ሲያገኘው «ና፣ ወደ ፊቴ ተመለስ!» ብሎ አይቆጣውም። አለቃ ፊት እንደቆመ ሰው ይሽኮረመማል፤ «አንተ» ማለቱን ትቶ «እርስዎ» እያለ፣ ቦታዎን ማወቅ ነበረብዎት ለማለት ቃል ይጠፋዋል። አፍንጫውም የኮቫልዮቭን ቁልፎች አይቶ፣ የሌላ መሥሪያ ቤት ሰው ስለሆነ የሚያገናኛቸው ጉዳይ እንደሌለ ይነግረዋል።

ሳቁ የሚመጣው ከዚህ ነው። አንዷን ውሸት ከተቀበልን በኋላ የቀረው ሁሉ የምናውቀው የቢሮ ኑሮ ነው፤ ቀጥሎ የሚሆነውን መገመት እንችላለን፣ ደራሲው ደግሞ ከግምታችን አንድ እርምጃ አልፎ ይጠብቀናል። ኮቫልዮቭ ማስታወቂያ ሊያወጣ ጋዜጣ ቢሮ ሲሄድ ጸሐፊው እምቢ ይለዋል። ምክንያቱ አፍንጫ አይጠፋም የሚል አይደለም፤ የጋዜጣው ስም ይበላሻል የሚል ነው። ከዚያ ጸሐፊው አዝኖለት፣ ራስ ምታት ያስታግሣል ብሎ የሚሸተት ትምባሆ ይጋብዘዋል። አፍንጫ ለሌለው ሰው!

አሁን አፍንጫው ክንፍ አውጥቶ በረረ፣ ከዚያ ድስት ሆነ፣ ድስቱም አገባ እንበል። የመጀመሪያው ያስደንቅ ይሆናል፤ ሦስተኛው ላይ ግን ማንም ጆሮ አይሰጥም፤ ሁሉም ነገር ከተፈቀደ ሊጣስ የሚችል ሕግ የለምና። ቀልድ ሲበላሽ የሚታወቀውም በዚህ ነው፤ አድማጩ «ታዲያስ?» ማለቱን ትቶ ዝም ብሎ መጨረሻውን ይጠብቃል።

ጎጎል ራሱ በመጀመሪያው ረቂቅ ታሪኩን ሕልም አድርጎት ነበር፤ ኋላ ሰረዘው። በሕልም አፍንጫ ቢሸሽ ምን ይገርማል? በታተመው ታሪክ አፍንጫው ወደ ሪጋ ሊሸሽ ሲል በፖሊስ ይያዛል፤ በእጁም በአንድ ሹም ስም የወጣ ፓስፖርት ይገኛል።