ጭርድ እና ጭድር

ደቡብ ወሎ ውስጥ የአርዲቦ ውኃ የሚፈስበት ጎረቤት ሐይቅ ስሙም ሐይቅ ነው። ቃሉን ጮክ ብለው ይበሉት፤ በ«ይ» እና በ«ቅ» መካከል ምንም አናባቢ የለም። አሁን ሁለቱን ፊደላት ገልብጠው «ሐቅይ» ለማለት ይሞክሩ። ምላስ መሐል ላይ አጭር «እ» ካላስገባ አይሄድም። በአንድ ቋንቋ የትኛው የድምፅ ቅደም ተከተል እንደሚቻል የሚያጠናው የሥነ ልሳን ዘርፍ ፎኖታክቲክስ ይባላል።

ሕጉን ለማግኘት ትርጉም የሌላቸው ቃላት ይፈጠራሉ። የታወቀ ቃል ከሆነ ሰው ከልማድ ሊያነበው ይችላል፤ ያልሰማውን ቃል ግን የሚያነበው በሕጉ ብቻ ነው። ለምሳሌ «ጭርድ» እና «ጭድር» የሚባሉ ቃላት የሉም። ለአንድ አማርኛ ተናጋሪ ጽፈን ብንሰጠው የመጀመሪያውን እንደ «ብርድ» በአንድ ትንፋሽ ይለዋል። ሁለተኛውን ግን እንደ «ክብር» በ«ድ» እና በ«ር» መካከል «እ» አስገብቶ ያነበዋል። ፊደላችን ይህን አያሳይም፤ ሳድስ አናባቢ ቢኖረውም ባይኖረውም ጽሕፈቱ አንድ ነው።

ምክንያቱ የድምፆች ጉልህነት ነው። «ይ» እና «ው» ከሁሉ ጎላ ይላሉ፤ ከእነሱ በታች «ር» እና «ል»፣ ቀጥሎ «ን» እና «ም» ይመጣሉ፤ እንደ «ድ»፣ «ብ»፣ «ቅ» ያሉት ግን ደብዛዛ ናቸው። በቃል መጨረሻ ከጉልሁ ወደ ደብዛዛው መውረድ ይቻላል፤ «ወርቅ» እና «ድንቅ» እንዲህ ናቸው። ከደብዛዛው ወደ ጉልሁ መውጣት ሲመጣ ግን «እ» ትገባለች፤ «ትግል» እና «ጥቅም» ምስክር ናቸው።

ያቺ «እ» የቃሉ አካል ናት ወይስ ሕግ ያመጣት? ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ አናባቢ ይጨመርበት። «ክብር» «ክብሩ» ሲሆን በ«ብ» እና በ«ር» መካከል የነበረችው ትጠፋለች። «ጭድሩ» የሚል ሰውም እንዲሁ ይጥላታል። ቃሉን ከዚያ በፊት ሰምቶት አያውቅም፤ ስለዚህ ሕጉን እንጂ ቃሉን አልሸመደደም። ሕጉ ወሰን እንዳለው ደግሞ «ልብስ» ያሳየናል፤ «ስ» ከ«ብ» ትንሽ ብትጎላም ሁለቱ ያለ «እ» አብረው ይነገራሉ። ስለዚህ ሕጉ ሲጻፍ «ኋላ የሚመጣው ድምፅ ከ«ም» እና ከ«ን» ጀምሮ ጎላ ያለ ከሆነ» ብሎ መወሰን አለበት።

ሥረ ቃልም የራሱ ሕግ አለው። «ዘከፈ» የሚል ግሥ ብንፈጥር ጆሮ አይሸሸውም፤ «ይዘክፋል» ተብሎ ወዲያው ይረባል። «ደጠፈ» ግን ይከብዳል፤ «ደ» እና «ጠ» የሚፈጠሩት አፍ ውስጥ በአንድ ቦታ ነው። ጆሴፍ ግሪንበርግ እ.ኤ.አ. በ1950 የሴም ቋንቋዎችን ሥረ ቃላት መርምሮ እንዲህ ያሉ ድምፆች ተከታትለው እምብዛም እንደማይመጡ አሳይቷል። ሻሮን ሮዝና ሊሳ ኪንግ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት የአማርኛና የቸሃ ተናጋሪዎችን ምላስ የሚያስሩ ቅደም ተከተሎችን በፍጥነት አስብለው፣ ሕጉን በሚጥሱት ላይ ስሕተቱ እንደሚበዛ አግኝተዋል። «ወደደ» የሚለው ተመሳሳይ ድምፅ በመጨረሻ ስለደገመ ችግር የለበትም፤ «ወወደ» ግን አማርኛ አይመስልም። እንዲህም ሆኖ «ቀቀለ» አለ። ጥቂት እንዲህ ያሉ ግሦች ስላሉ ሕጉ «ፈጽሞ አይሆንም» ሳይሆን «እጅግ ብርቅ ነው» ተብሎ ይጻፋል።