ሰባተኛው አንቀጽ ላይ የተደበቀው ዜና

የአንድ ከተማ ውኃና ፍሳሽ አገልግሎት ለመገናኛ ብዙኃን ሊልከው ያዘጋጀው ረቂቅ መግለጫ አለ እንበል። ከተማውም መግለጫውም ለማሳያ የፈጠርኳቸው ናቸው፤ አጻጻፉ ግን የመሥሪያ ቤት ዜና ለሚያነብ ሰው እንግዳ አይሆንም። ርዕሱ «አገልግሎቱ የ9 ወራት የሥራ አፈጻጸሙን ከባለድርሻ አካላት ጋር ገመገመ» ይላል። የመጀመሪያው አንቀጽ ስብሰባው የት እንደተካሄደና እነማን እንደተገኙ ይዘረዝራል። ቀጣዮቹ ስለ አዲስ ጉድጓድና ስለ ውኃ ሽፋን ያወራሉ። ሰባተኛው አንቀጽ ላይ ሲደረስ እንዲህ ይነበባል፦ «በሌላ በኩል ከግንቦት 1 ጀምሮ የታሪፍ ማሻሻያው ተግባራዊ እንደሚሆንና በሜትር ኩብ 12 ብር የነበረው ክፍያ 18 ብር እንደሚሆን ተጠቁሟል።»

ዜናው ይኸው ነው። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ የእያንዳንዱን ቤት ወጪ የሚነካው ሌላ ዓረፍተ ነገር ረቂቁ ውስጥ የለም። እዚያ ታች የገባው ደግሞ ሁልጊዜ ሆነ ተብሎ አይደለም። ጸሐፊው ቃለ ጉባኤውን ይዞ በአጀንዳው ቅደም ተከተል ሲጽፍ፣ የታሪፉ ጉዳይ ከሻይ ዕረፍት በኋላ የተነሳ ስለሆነ ከታች ይቀራል። ስለዚህ ረቂቅ የሚመረምር ሰው ከላይ ወደ ታች አንብቦ ከማቆም ይልቅ ከመጨረሻው አንቀጽ ተነስቶ ወደ ላይ ቢወጣ ይሻለዋል። «በሌላ በኩል»፣ «በተያያዘ ዜና»፣ «በመጨረሻም» የሚሉ ቃላት ባሉበት ቆም ይበል፤ የሚፈለገው ነገር ብዙ ጊዜ ከእነሱ ቀጥሎ ይገኛል። ለውጥ፣ ቀንና ተጎጂ ወይም ተጠቃሚ በአንድ ላይ የያዘውን ዓረፍተ ነገር ያስምርበት።

ዋናው ነጥብ ከተገኘ የርዕሱ ድክመት ራሱን ያጋልጣል። «ገመገመ»፣ «ተወያየ»፣ «ተካሄደ» ሰዎች መሰብሰባቸውን እንጂ ምን እንደተለወጠ አይናገሩም። «የከተማው የውኃ ታሪፍ ከግንቦት 1 ጀምሮ ከ12 ወደ 18 ብር ይጨምራል» ቢባል አንባቢው ሌላውን ባያነብ እንኳ የሚያስፈልገውን ይዞ ይሄዳል። «ማሻሻያ» የሚለውንም ቃል ያወጣሁት ጭማሪን ስለሚያለዝብ ነው። በሌላው ጫፍ ደግሞ «የውኃ ዋጋ ሰማይ ነካ» ማለት አይቻልም፤ ረቂቁ ውስጥ ያለው የስድስት ብር ልዩነት ነው፣ ርዕሱም ከዚያ ማለፍ የለበትም።

አስቸጋሪው ሥራ ማስረጃ የሌላቸውን አባባሎች መለየት ነው። ረቂቁ አዲሱ ጉድጓድ «የ60 ሺህ ነዋሪዎችን የውኃ ችግር ከመሠረቱ ፈቷል» ይላል። ከሥሩ ጉድጓዱ በሰከንድ 20 ሊትር እንደሚሰጥና ፓምፑ በቀን 16 ሰዓት እንደሚሠራ ተጽፏል። አርታኢው ካልኩሌተር ያንሳ። 20 ሊትር በሰዓት 72 ሺህ፣ በ16 ሰዓት ደግሞ 1 ሚሊዮን 152 ሺህ ሊትር ይሆናል። ለ60 ሺህ ሰው ሲካፈል ለእያንዳንዱ 19 ሊትር ገደማ ይደርሰዋል፤ አንድ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን እንኳ አይሞላም። ይህም በመስመር ላይ የሚባክነው ሳይቀነስ ነው። ሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ግን ለከተሞች እንደየደረጃቸው በነፍስ ወከፍ በቀን ከ40 እስከ 100 ሊትር አስቀምጦ ነበር።

ሒሳቡ መሥሪያ ቤቱ ዋሽቷል አያሰኝም። ነባር ጉድጓዶች ሊኖሩ ይችላሉ፤ እነሱ ስንት እንደሚያመርቱ ረቂቁ አይነግረንም። «ከመሠረቱ ፈቷል» ለማለት ግን የቀረበው ቁጥር እንደማይበቃ ያሳያል። በሰከንድ 20 ሊትር የሚለውም ቢሆን ከፓምፕ ሙከራ ሪፖርት ካልተመሳከረ በቀር አርታኢው በወንበሩ ተቀምጦ የሚያረጋግጠው አይደለም።

«ሥራ አስኪያጁ ገልጸዋል» ብሎ መጨመር ብዙዎች እንደሚያስቡት መፍትሔ አይሆንም። ተናጋሪውን ያሳውቃል እንጂ የተባለውን እውነት አያደርገውም። «ተጠቁሟል» እና «ተገልጿል» ደግሞ ተናጋሪውንም ይደብቃሉ፤ ታሪፉን የወሰነው ቦርዱ ይሁን የከተማው ምክር ቤት በዚህ አጻጻፍ አይታወቅም። «ነዋሪዎች በአገልግሎቱ መርካታቸውን ተናግረዋል» የሚለው ዓረፍተ ነገር አንድም ነዋሪ ስላልጠቀሰ ወይ ሰው ይፈለግለታል ወይ ይሰረዛል።

ታርሞ የሚወጣው መግቢያ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «የከተማው ነዋሪዎች ከግንቦት 1 ጀምሮ ለአንድ ሜትር ኩብ ውኃ 18 ብር ይከፍላሉ፤ እስካሁን ሲከፍሉ የነበረው 12 ብር ነው። አገልግሎቱ በሰከንድ 20 ሊትር የሚሰጥ አዲስ ጉድጓድ ሥራ መጀመሩንም አስታውቋል።» የተገኙት ኃላፊዎች ስም ወደ መጨረሻው አንቀጽ ይወርዳል፤ ቦታ የጠበበው ጋዜጣ መጀመሪያ የሚቆርጠው እሱን ነው። ይህን ለኃላፊው ማስረዳት ከእርማቱ ሁሉ ይከብድ ይሆናል። «ሽፋኑ 85 በመቶ ደርሷል» የሚለው ደግሞ በኅዳጉ «ቧንቧ የደረሰው ቤት ተቆጥሮ ነው ወይስ ውኃ የሚያገኘው?» ተብሎ ተጽፎበት ወደ ቴክኒክ ክፍሉ ይመለሳል፤ መልሱ እስኪመጣም ከመግለጫው ይወጣል።