አሥር ከሃያ የሚቀድምበት መዝገብ

ከዓመታት በፊት አንድ መሥሪያ ቤት ስለ ውስጥ መልእክት መለዋወጫው እንዳይለት ጠርቶኝ ነበር። ሠራተኞቹ የሚያሰሙት ቅሬታ አንድ ዓይነት ነው፦ "አንዳንዴ ይንቀራፈፋል፤ ዘግቼ ስከፍተው ይስተካከላል።" ሰርቨሮቹ ሁሉ በሥራ ላይ ነበሩ። ኢንተርኔቱም ጤናማ ነው። ጥፋቱ የተገኘው ማንም ባልጠረጠረው ቦታ፣ በዲኤንኤስ ውስጥ በተጻፈች አንዲት ቁጥር ላይ ነው።

ዲኤንኤስ የድረ ገጽን ስም ወደ አድራሻ ቁጥር የሚለውጥ መዝገብ መሆኑን ብዙዎቻችን እናውቃለን። የመልእክትና የድምፅ ጥሪ ፕሮግራሞች ግን ከዚህ የበለጠ መረጃ ይፈልጋሉ። ለዚህ የተሠራው ኤስአርቪ የሚባለው መዝገብ ሲሆን፣ ዛሬም የሚሠራበት ደንብ በ2000 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የወጣው አርኤፍሲ 2782 ነው። ፕሮግራሙ "የዚህ ድርጅት የመልእክት አገልግሎት የት ነው?" ብሎ ሲጠይቅ፣ ኤስአርቪ የሰርቨሩን ስም ብቻ ሳይሆን በየትኛው ፖርት እንደሚገባና ሰርቨሮቹ ብዙ ከሆኑ ከየትኛው እንደሚጀመር ይነግረዋል። በኤስአይፒ የሚሠሩ የድምፅ ስልኮችም መንገዳቸውን የሚያገኙት በዚሁ ዘዴ ነው።

የመሥሪያ ቤቱን ስም ትቼ የጠየቅሁትንና የተመለሰልኝን ላሳያችሁ።

```
dig +short SRV _xmpp-client._tcp.example.com

10 60 5222 chat1.example.com.
10 30 5222 chat2.example.com.
10 10 5222 chat3.example.com.
```

የመጀመሪያው ቁጥር ቅድሚያ፣ ሁለተኛው ክብደት፣ ሦስተኛው ፖርት ነው። ቅድሚያ የሚነበበው እንደ ተማሪ ደረጃ ነው፤ አንደኛ ከአሥረኛ እንደሚቀድም ሁሉ፣ ትንሹ ቁጥር ይቀድማል። ቅድሚያው 20 የሆነ ሰርቨር የሚሞከረው ባለ 10ዎቹ በሙሉ እምቢ ሲሉ ብቻ ነው።

ክብደት ሌላ ነገር ነው። ሥራው ቅድሚያቸው እኩል የሆኑትን ማከፋፈል ሲሆን፣ እዚህ ላይ ትልቁ ቁጥር ብዙ ድርሻ ያገኛል። ፕሮግራሙ ክብደቶቹን እየደመረ ይሄዳል፦ መጀመሪያ 60፣ ቀጥሎ 90፣ በመጨረሻም 100። ከዚያ ከ0 እስከ 100 አንድ ቁጥር በዕጣ ያወጣል። የወጣው 73 ከሆነ 60ን አልፎ 90 ላይ ስለሚወድቅ ወደ ሁለተኛው ሰርቨር ይሄዳል። 96 ከወጣ ደግሞ ሦስተኛው ይደርሰዋል።

ችግሩ ያለው እዚህ ነው። ሦስተኛው ሰርቨር ለክፉ ቀን የተቀመጠ፣ አቅሙ ደካማ የሆነ አሮጌ ማሽን ነበር። የመዘገበው ባለሙያ "ክብደቱን ካሳነስኩት መጠባበቂያ ይሆናል" ብሎ አስቧል። ክብደት ግን መጠባበቂያ አያደርግም። ሁለቱ ዋና ሰርቨሮች በሙሉ ጤንነት እየሠሩ፣ ከአሥር ሰው አንዱ ገደማ በየቀኑ ወደ ደካማው ማሽን ይላክ ነበር። ዘግቶ ሲከፍት ዕጣው እንደገና ይወጣል፤ አብዛኛውን ጊዜም የተሻለው ይደርሰዋል። "ዘግቼ ስከፍተው ይስተካከላል" የሚለው ቅሬታ ምሥጢሩ ይኸው ነው።

ክብደቱን 0 ማድረግም አያድንም። በደንቡ ስሌት መሠረት እንዲህ ያለው ሰርቨር ከ91 ጊዜ አንዴ ሊመረጥ ይችላል። መፍትሔው የመጀመሪያውን ቁጥር መቀየር ነበር፦

```
20 0 5222 chat3.example.com.
```

በ20 ላይ ብቻውን ስለሆነ የሚያከፋፍለው ነገር የለም፤ ስለዚህ ክብደቱ 0 መሆኑ ትክክል ነው። ለውጡ ግን ወዲያው ለሁሉም አልደረሰም። በየቦታው ያሉ ሰርቨሮች የድሮውን መልስ ለተፈቀደላቸው ጊዜ ይዘው ይቆያሉና፣ ያ ጊዜ እስኪያልቅ ቅሬታው ቀጥሎ ነበር።

አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ዲኤንኤስ የትኛው ሰርቨር እንደወደቀ አያውቅም፤ የተጻፈለትን ዝርዝር ብቻ ይሰጣል። መውደቁን የሚያውቀው ለመገናኘት ሞክሮ ያልተሳካለት ፕሮግራም ራሱ ነው። ሰርቨሩ "አልቀበልም" ብሎ ቢመልስ ወዲያው ወደሚቀጥለው ይሄዳል፤ ድምፁን አጥፍቶ ከቀረ ግን ሲጠብቅ ይቆያል። ዝርዝሩን ወደታች ወርደው የማይሞክሩ ፕሮግራሞችም አሉ፤ ለእነሱ መጠባበቂያው እንደሌለ ይቆጠራል።

ስለዚህ መጠባበቂያ ሰርቨር ያላችሁ ሁሉ፣ ሥራ በማይበዛበት ምሽት ዋና ዋናዎቹን ራሳችሁ አጥፉና ስልካችሁ መጠባበቂያው ላይ እስኪደርስ ስንት ሴኮንድ እንደሚፈጅ ቁጠሩ።