ከማሰሮ እስከ ሮሰማ

ቤልጅየማዊው ዘፋኝ ስትሮማይ መጠሪያውን ያገኘው “ማይስትሮ” የሚለውን ቃል ቆርጦ በመገልበጥ ነው፤ “ስትሮ” ወደፊት፣ “ማይ” ወደኋላ ሄደ። ይህ የፈረንሳይ ወጣቶች “ቨርላን” የሚሉት የቃል ጨዋታ ነው።

በአማርኛ ፊደል ግልበጣው ይበልጥ ይቀላል። አዲስ ቡና ቤት ሊከፍት ያለ ሰው ከጓዳ ዕቃዎች ቢጀምር ሲኒ “ኒሲ”፣ ጀበና “ናበጀ”፣ ማሰሮ ደግሞ “ሮሰማ” ይሆንለታል። ፍንጃል ግን “ልጃንፍ” ሆኖ ያርፈዋል፤ ይህን ማንም በራፉ ላይ አይሰቅለውም።

ተመሳሳይ ቃላትን መደርደርም ይረዳል፣ ወጥመድ ግን አለው። መዓዛ፣ ሽታና ጠረን ጎን ለጎን ቢቀመጡም፣ “ጠረን ቡና” የሚል ታፔላ ደንበኛ ያባርራል።

ሦስተኛው መንገድ መዝገበ ቃላትን በዘፈቀደ ገልጦ ጣት ያረፈበትን ቃል መያዝ ነው። ጣቱ “ጉልላት” ላይ ካረፈ “ጉልላት ቡና” ይወለዳል።

ዋናው ሥራ ማበጠሩ ነው። ትዊተር ሲሰየም ከታሰቡት ስሞች አንዱ “ትዊች” ነበር፤ ተስማሚ ምስል ስለማያመጣ ተጣለና በመዝገበ ቃላት አጠገቡ ካሉት ቃላት “ትዊተር” ተመረጠ። ለቡና ቤቱም ስሙን በስልክ አንድ ጊዜ ብቻ ተናግሮ ሰሚው እንዲጽፈው ማድረግ ያዋጣል። “ናበጀ” ያኔ “ና በጀ” ተብሎ ሊጻፍ ይችላል፤ “ሮሰማ” ግን እንደተባለው ይጻፋል። ቀጥሎ ሌላ ነጋዴ በንግድ ምልክትነት አስመዝግቦት እንደሆነ ይጣራል።